ሳጥኑ ቀይ ሲያበራ፦ ፋይበሩ ተቆርጧል ወይስ ታጥፏል?

ለፋሲካ አንድ ሳምንት ሲቀረው እናቴ ደወለችልኝ። «ኢንተርኔቱ ጠፋ። ሳጥኑ ላይ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል» አለችኝ። እኔም ሁሉም ሰው የሚለውን አልኳት፦ «እማዬ፣ ከሶኬት ንቀይውና ትንሽ ቆይተሽ መልሰሽ ሰኪው።» ሰካችው። ቀዩ አልጠፋም። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቴም ያው ነው።

በማግስቱ ሄጄ ሳጥኑን አየሁት። ከቀዩ መብራት ሥር «LOS» የሚሉ ሦስት ፊደላት ተጽፈዋል። እነዚህን ፊደላት የሚያውቅ ሰው ሳጥኑን በማጥፋትና በማብራት አይደክምም። ችግሩ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ሳይሆን ወደ ሳጥኑ በሚመጣው ገመድ ላይ እንደሆነ ይነግሩታልና። ዛሬ የምጽፈው ስለዚሁ ነው። ቀዩ መብራት ምን ማለት ነው? የተቆረጠ ፋይበርና የታጠፈ ፋይበር በምን ይለያያሉ? ቤት ውስጥ ያለ ሰውስ የትኛው እንደደረሰበት እንዴት ሊለይ ይችላል?

ቀዩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው

ብዙዎቻችን «ሞደም» ወይም «ራውተር» የምንለው የፋይበር ሳጥን ከጀርባው ወይም ከሥሩ ቀጭን ገመድ ይገባበታል። ገመዱ የሚያመጣው ኤሌክትሪክ አይደለም፤ ብርሃን ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያንን ብርሃን የምታይ ትንሽ ዓይን አለች። ዓይኗ ብርሃን ስታጣ፣ ወይም የሚደርሳት ብርሃን ከምትችለው በላይ ሲደክምባት፣ «LOS» ቀይ ይበራል። ፊደላቱ «ምልክቱ ጠፍቷል» ለማለት ነው።

ስለዚህ ይህ ቀይ መብራት ስለ ዋይፋይ የይለፍ ቃል አያወራም። ስልካችሁ ከሳጥኑ ስለ መራቁም አያወራም። ክፍያ ስላልተከፈለም አይደለም፤ ሂሳብ ሲያልቅ አገልግሎቱ ይዘጋል እንጂ ብርሃኑ አብዛኛውን ጊዜ መምጣቱን አያቆምም። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ሳጥኖች ላይ «Internet» የሚለው መብራትም ቀይ ይሆናል፤ የእሱ ትርጉም ደግሞ ሌላ ነው። ስለዚህ ከቀለሙ በፊት ከመብራቱ ሥር ያለውን ጽሑፍ አንብቡ።

ከ«LOS» አጠገብ «PON» የሚል ሌላ መብራት ታገኛላችሁ። ሁሉም ደህና ሲሆን «PON» አረንጓዴ ሆኖ ሳያቋርጥ ይበራል፤ «LOS» ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። «LOS» ጠፍቶ «PON» ብቻ ብልጭ ድርግም እያለ ከቀረ፣ ብርሃኑ ደርሷል፤ ነገር ግን ሳጥኑ ከኢንተርኔት ድርጅቱ ማዕከል ጋር ገና አልተግባባም። ይህ የምዝገባ ወይም የማዕከሉ ጉዳይ ስለሆነ ገመዱን መነካካት አይጠቅምም። «LOS» ቀይ ከሆነ ግን ነገሩ የገመድ ነው። የአንዱ ፋብሪካ ሳጥን ቀዩን ሳያቋርጥ ሲያበራ የሌላው ያርገበግበዋል፤ መልእክቱ ግን አንድ ነው።

ከማዕከሉ እስከ ቡፌው

ብርሃኑ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያልፍ ካላወቅን የቀዩን ምክንያት መገመት አንችልም።

በማዕከሉ ያለው መሣሪያ ብርሃን በአንድ ፋይበር ይልካል። ያ ፋይበር መንገድ ላይ፣ ብዙ ጊዜ በምሰሶ ወይም በሕንፃ ሥር በተሰቀለ ሳጥን ውስጥ፣ ስፕሊተር ወደሚባል ትንሽ ዕቃ ይገባል። ስፕሊተሩ አንዱን ብርሃን ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያከፋፍለዋል። ይህን የሚያደርገው ያለ ኤሌክትሪክ ነው። ብርሃኑን ብቻ ይከፍላል። ከዚያ ጥቁር ድሮፕ ኬብል ወደየቤቱ ይሄድና ግድግዳ ላይ ባለች ትንሽ ነጭ ሳጥን ውስጥ ያበቃል። ከግድግዳው ሳጥን እስከ ዋናው ሳጥን ያለችው ሁለት ሦስት ሜትር ቀጭን ገመድ ፓች ኮርድ ትባላለች። የቤት ውስጥ ችግር አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በዚህች አጭር ገመድ ላይ ነው፤ የእናቴም እንደዚያው ነበር።

አሁን ስለ ብርሃኑ መጠን ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ፤ ብዙ አይደለም። ቴክኒሻኖች ብርሃንን የሚለኩት በዲቢኤም ነው። ዜሮ ዲቢኤም ማለት አንድ ሚሊዋት ነው። ቁጥሩ በ3 በቀነሰ ቁጥር ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ10 ሲቀንስ አንድ አሥረኛው ብቻ ይቀራል። ማዕከሉ በ+3 ዲቢኤም ላከ እንበል። ለ32 የሚያከፋፍል ስፕሊተር 17 ያህል ይወስዳል። 4 ኪሎ ሜትር ፋይበር 1 ያህል ይወስዳል። በመንገዱ ያሉ መጋጠሚያዎች ሁሉ ተደምረው 3 ይውሰዱ። ቤት ሲደርስ -18 ሆነ ማለት ነው።

በብዙ ቤት ያለው የተለመደው ሳጥን እስከ -27 ድረስ ያነባል። ከ+3 እስከ -27 ያለው ልዩነት 30 ነው፤ ይህም አንድ ሺህ እጥፍ ነው። ከተላከው ብርሃን አንድ ሺህኛው ብቻ ቢደርሰው እንኳ ሳጥኑ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። ይህ ለእኔ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ነገር ነው። ነገር ግን ከ-18 እስከ -27 ያለው ትርፍ 9 ብቻ ነው። ያንን 9 አንዲት መጥፎ እጥፋት ብቻዋን ልትበላው ትችላለች።

ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱበት ነገርም አለ። በፋይበር ላይ ብርሃኑ ትንሽ ስለደከመ ኢንተርኔቱ ቀስ እያለ አይሄድም። በ-18 እና በ-24 መካከል በፍጥነት በኩል ልዩነት አታዩም። ወደ -27 ሲጠጋ ግን ስህተት ይበዛል፤ ቪዲዮ ይቆራረጣል፤ ግንኙነቱ ይጠፋና ይመለሳል፤ ቀዩም አንዴ እየበራ አንዴ እየጠፋ ያስቸግራል። ከዚያ ትንሽ ሲወርድ ሁሉም ነገር በአንዴ ይዘጋል። «ትናንት ደህና ነበር፤ ዛሬ ድንገት ጠፋ» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ገመዱ ለወራት እየተጎዳ ቆይቶ ሊሆን ይችላል፤ እኛ ያየነው የመጨረሻዋን ቀን ብቻ ነው።

ሲታጠፍ ብርሃኑ የት ይሄዳል?

ፋይበር ብርጭቆ ነው። የብርጭቆው ክር ውፍረት 0.125 ሚሊ ሜትር ነው። ብርሃኑ የሚጓዘው ግን በመካከሉ ባለች 0.009 ሚሊ ሜትር ያህል ስፋት ባላት እምብርት ውስጥ ነው። ከፀጉር በጣም የቀጠነች መንገድ ናት። በዙሪያዋ ያለው ብርጭቆ ከእሷ በጥቂቱ የተለየ ነው። ብርሃን በእምብርቷና በዙሪያዋ ባለው ብርጭቆ ድንበር ላይ በጣም ዘመም ብሎ ሲያርፍ ወደ ውጭ አይወጣም፤ ወደ ውስጥ ይመለሳል። ኪሎ ሜትሮችን የሚጓዘውም ውስጥ ለውስጥ እንደዚህ ታስሮ ነው።

የዓባይ በረሃን ቁልቁለት አስቡ። ኩርባው ሰፊ ከሆነ መኪና መስመሩን ይዞ ይታጠፋል። ኩርባው ድንገተኛ ከሆነና ሾፌሩ ፍጥነት ካልቀነሰ ግን መኪናው ከመንገዱ ይወጣል። ብርሃን ደግሞ ፍሬን የለውም። ገመዱ በሰፊው ሲዞር ብርሃኑ ድንበሩ ላይ ዘመም ብሎ እያረፈ ይመለሳል። ገመዱ እንደ ክርን ሲታጠፍ ግን ድንበሩን ቀጥ ብሎ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ የተወሰነው ወደ ውጭ ይፈሳል። ገመዱ አልተሰበረም፤ ላዩም ደህና ነው። ብርሃኑ ግን በዚያች ነጥብ እየፈሰሰ ነው።

ታዲያ ምን ያህል ማጠፍ ነው የበዛ? ለመንገድ ዝርጋታ የሚውለው የቆየው ዓይነት ፋይበር ከ6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባነሰ ክብ መጠቅለል የለበትም። ለቤት ውስጥ ተብሎ የሚሠራው አዲሱ ዓይነት የበለጠ ይታጠፋል፤ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዱም እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ድረስ ይችላል። እናንተ ቤት ያለው የትኛው እንደሆነ ገመዱን በማየት ብቻ መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ የምመክረው ልክ የሻይ ብርጭቆ አፍ ነው። ገመዱን ስትጠቀልሉ ከሻይ ብርጭቆ አፍ የጠበበ ክብ አትሥሩ። የግድግዳ ጥግ ላይ በቀጥታ አታጥፉት፤ በሚስማር ክሊፕ አታጥብቁት። ክሊፕ ገመዱን ጨምቆ ሲይዘው የሚያደርሰው ጉዳት ከእጥፋት አይለይም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር አለ፤ ቴክኒሻኖች ያውቁታል፤ ደንበኛው ግን ብዙም አይነገረውም። በአንዱ ፋይበር ውስጥ ሁለት ብርሃን በተቃራኒ አቅጣጫ ይሄዳሉ። ከማዕከሉ ወደ ቤት የሚመጣው 1490 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አለው፤ ከቤት ወደ ማዕከሉ የሚሄደው 1310 ነው። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር እጥፋት ላይ ይበልጥ ይፈሳል። በእጥፋት ምክንያት ቀድሞ የሚጎዳው ወደ እኛ የሚመጣው ብርሃን ነው ማለት ነው። ቴክኒሻኖች ይህንን ጠባይ መልሰው ለምርመራ ይጠቀሙበታል። ኦቲዲአር የሚባለው መሣሪያ ብርሃን ይልክና ከገመዱ ውስጥ ተመልሶ የሚመጣውን ይለካል፤ በዚህም ጉዳቱ በስንተኛው ሜትር ላይ እንዳለ ያሳያል። ያንኑ ቦታ በ1310 እና በ1550 ይለኩታል። በ1550 የጠፋው ብርሃን ከ1310 በጣም ከበለጠ እጥፋት ነው። ሁለቱ ከተቀራረቡ መጥፎ መጋጠሚያ ነው። ምድሩን ሳይቆፍሩ፣ ግድግዳውን ሳያፈርሱ ይህን መለየት ይቻላል።

ሲቆረጥስ?

ቁርጥ የከፋ ቢሆንም ለመረዳት ቀላል ነው። ብርሃን ጨርሶ አይመጣም። ቀዩ ይበራል፤ አንዴም አይጠፋም። እጥፋት ግን ብዙ ጊዜ ያመነታል። በር ሲዘጋ ይጠፋል፤ ሲከፈት ይመለሳል። ከቤት ውጭ በምሰሶ ላይ የታጠፈ ከሆነ ነፋስ ሲነሳ ይጠፋል። ሙቀትና ቅዝቃዜም ሊያመላልሰው ይችላል። ቀዩ በሰዓትና በሁኔታ የሚመላለስ ከሆነ መጀመሪያ እጥፋትን፣ ወይም በደንብ ያልገባ መሰኪያን ጠርጥሩ።

የተቆረጠ የመብራት ሽቦ ተልጦ፣ ተጠማዞ፣ በፕላስተር ይታሰራል። ፋይበር ላይ ይህ አይሠራም። እነዚያ 0.009 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት እምብርቶች ፊት ለፊት ልክ ለልክ መግጠም አለባቸው። ትንሽ እንኳ ቢዛነፉ ብርሃኑ ይባክናል። ሥራው በወግ ሲሠራ እንዲህ ነው። የክሩ ልባስ ይላጣል፤ በአልኮል ይጸዳል፤ በልዩ መቁረጫ ጫፉ ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ከዚያ መበየጃ ማሽኑ ሁለቱን ጫፎች በአጉሊ መነጽር እያየ ያስተካክላቸውና በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ያገጣጥማቸዋል። እንደዚህ የተበየደ ቦታ የሚወስደው 0.1 ዴሲቤል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ቤት ውስጥ አንዳንዴ ያለ ማሽን የሚገጠም ፈጣን ኮኔክተር ይጠቀማሉ። እሱም ይሠራል፤ ነገር ግን የበለጠ ብርሃን ይወስዳል፤ በአግባቡ ካልተገጠመም ከጊዜ በኋላ ይላላል። ምርጫ ከተሰጣችሁ ብየዳውን ምረጡ።

የተቆረጠውን ጫፍ በእጃችሁ አትነካኩት። ከጫፉ የሚረግፈው ስብርባሪ ብርጭቆ ነው፤ ቆዳ ውስጥ ሲገባ በዓይን ለማየትም ለማውጣትም ያስቸግራል። ጫፉን ወደ ዓይናችሁ አዙራችሁም አትመልከቱ። በውስጡ የሚሄደው ብርሃን ለሰው ዓይን አይታይም። «ምንም አያበራም» ብላችሁ ብታዩት ያለውንም የሌለውንም መለየት አትችሉም። ልጆች ባሉበት ቤት የተበጠሰ ገመድ ካለ ጫፉን በፕላስተር ሸፍናችሁ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት።

መንገድ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ ነገሩ ይሰፋል። ኤክስካቫተር አንድ ዋና ኬብል በጠሰ እንበል። በውስጡ 48 ወይም 96 ክሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ክሮቹ በ12 ቀለማት የተለዩ ናቸው፤ ሰማያዊ ከሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ከብርቱካናማ እየተባለ አንድ በአንድ ይበየዳሉ። ብዙ ጊዜ የተቆረጠው ቦታ ላይ የሚተርፍ ገመድ ስለማይኖር በመካከል አዲስ ኬብል ይገባል። ያን ጊዜ በሁለቱም ጫፍ ስለሚበየድ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ካለ መጀመሪያ እሱ ይወጣል። የሰፈሩ ሁሉ ኢንተርኔት ጠፍቶ ጥገናው ግማሽ ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲወስድ እየሆነ ያለው ይህ ነው።

ጎረቤት ማንኳኳት

ከሁሉም በፊት ዋጋ ያለው ምርመራ ጎረቤትን መጠየቅ ነው። በአንድ ስፕሊተር ሥር ያሉ ቤቶች ሁሉ ቀይ ካዩ ጉዳቱ ከስፕሊተሩ በላይ ነው፤ እናንተ ቤት ውስጥ የምታደርጉት ነገር የለም። የእናንተ ብቻ ከሆነ ከስፕሊተሩ እስከ ሳጥናችሁ ባለው ገመድ ላይ ነው። ጎረቤታችሁ በሌላ ስፕሊተር ሥር ሊሆን ስለሚችል ሁለት ሦስት ቤት ጠይቁ።

መብራት ሲጠፋስ? ሳጥናችሁ መብራት ስላጣ ይጠፋል እንጂ ቀይ አያበራም። በባትሪ ወይም በዩፒኤስ ካስነሳችሁት፣ ማዕከሉ መጠባበቂያ ኃይል እስካለው ድረስ ኢንተርኔቱ ይሠራል። መንገድ ላይ ያለው ስፕሊተር ኤሌክትሪክ አይፈልግምና። ብዙዎቹ ሳጥኖች መብራት በድንገት ሲጠፋባቸው በውስጣቸው በቀረችው ጥቂት ኃይል ለማዕከሉ አንዲት አጭር መልእክት ይልካሉ። በሙያው ቋንቋ «የመጨረሻ ትንፋሽ» ትባላለች። ፋይበር ሲቆረጥ ግን መልእክቷ የምትሄድበት መንገድ የለም። ስለዚህ ማዕከሉ ውስጥ ያለ ባለሙያ መልእክቷ መምጣት አለመምጣቷን አይቶ «እዚህ ቤት መብራት ጠፍቷል» ወይም «እዚህ ቤት ፋይበር ተቆርጧል» ብሎ መለየት ይችላል። ስትደውሉ «LOS ቀይ ነው፤ PON አይበራም፤ የጎረቤት ይሠራል» ብላችሁ ከነገራችሁት ግማሹን ምርመራ ጨርሳችሁለታል።

ከመደወላችሁ በፊት በራሳችሁ የምትሠሩትም አለ። ከሳጥኑ ጀምራችሁ ገመዱን በእጃችሁ እየዳሰሳችሁ እስከ ግድግዳው ተከተሉት። የዕቃ እግር ሥር የገባ፣ በር የሚጨፈልቀው፣ በጥግ የታጠፈ፣ በላስቲክ የታሰረ ቦታ ፈልጉ። ካገኛችሁ አላቁት፤ ዘና አድርጋችሁ በሻይ ብርጭቆ አፍ ልክ አዙሩት። ከዚያ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። ሳጥኑን ማጥፋት አያስፈልግም። ብርሃኑ ከተመለሰ ቀዩ ራሱ ይጠፋል፤ «PON» ትንሽ ብልጭ ድርግም ብሎ ይረጋል።

አረንጓዴው መሰኪያ በደንብ መግባቱንም እዩ፤ ሲገባ ቀጭ ይላል። ከነቀላችሁት ጫፉን በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት እዚያች ትንሽ ነጥብ ላይ ትልቅ መጋረጃ ነው። አረንጓዴ መሰኪያ ያለበትን ቦታም በሰማያዊ አትተኩ። የአረንጓዴው ጫፍ በ8 ዲግሪ ዘመም ተደርጎ የተሞረደ ነው፤ የሰማያዊው ግን አይደለም። ሁለቱ ሲገናኙ ክፍተት ይፈጠራል፤ ብርሃኑም ይባክናል።

እናቴ ቤት የተገኘው

እኔ በስተመጨረሻ ገመዱን ተከትዬ የደረስኩት ከቡፌው ጀርባ ነው። ቡፌው ከባድ ስለሆነ ብቻዬን አልነቃነቅኩትም። ቴክኒሻኑ ከሰዓት በኋላ መጣ። መጀመሪያ ፓወር ሜትሩን ከግድግዳው ሳጥን ላይ ሰካ፤ -18 አነበበ። «እስከ እዚህ ድረስ ጤነኛ ነው» አለ። ቀጥሎ ከፓች ኮርዱ መጨረሻ፣ ወደ ዋናው ሳጥን ከሚገባው ጫፍ ለካ፤ -29.5 ሆነ። በሦስት ሜትር ገመድ ውስጥ 11.5 ጠፍቷል። ይህ ማለት ከግድግዳው ከወጣው ብርሃን አንድ አሥረኛው እንኳ ሳጥኑ ጋ አይደርስም።

ከዚያ የቀይ ብርሃን ብዕሩን አወጣ። ይህች ብዕር ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን ገመዱ ውስጥ ትልካለች። ከገመዱ የሚያፈስ ቦታ ካለ በስሱ ልባስ በኩል ቀይ ሆኖ ይታያል። በወፍራሙ ጥቁር ድሮፕ ኬብል ላይ ግን አትረዳም፤ ልባሱ ብርሃኑን ይውጠዋል። የእኛ ፓች ኮርድ ነጭ ነበር። የክፍሉን መጋረጃ ዘጋን። ከቡፌው የኋላ እግር አጠገብ ገመዱ እንደ ፍም ቀላ።

«ማዘር፣ ይሄን ቡፌ በቅርብ ያንቀሳቀሰው አለ?» ብሎ ጠየቃት።

«ለበዓል ጽዳት ብለን ባለፈው ቅዳሜ ገፋ አደረግነው ልጄ» አለችው። ኢንተርኔቱ የጠፋው ሰኞ ነው። በሁለቱ ቀናት መካከል ብርሃኑ ድንበሩ ላይ ቆይቶ ነበር ማለት ነው። እናቴም አሁን አሰብ አድርጋ «እሑድ ማታ ከእህትህ ጋር ሳወራ ምስሉ ይቆራረጥ ነበር» አለች።

ሁለታችን ሆነን ቡፌውን ሳብነው። ገመዱ በእግሩና በግድግዳው መካከል ተጨፍልቆ ለሁለት ታጥፎ ነበር። ሲላቀቅ ቀዩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጠፋ፤ «PON» አረንጓዴ ሆኖ ረጋ። እኔ ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቴክኒሻኑ ግን እንደገና ለካ፤ -21 ሆነ። ግድግዳው ላይ -18 ነው። በቀጥተኛ ገመድ ላይ 3 መጥፋት አልነበረበትም። «ብርጭቆው ውስጡ ተጎድቷል፤ ዛሬ ይሠራል፤ ክረምት ሲመጣ ሊከዳችሁ ይችላል» አለና አዲስ ፓች ኮርድ አስገባ። ለካ፤ -18.4 ሆነ።

ይህችን ሦስተኛ ልኬት ነው ከታሪኩ ሁሉ አጥብቄ የምይዛት። የታጠፈ ፋይበር ሲቃና ብርሃኑ መመለሱ ገመዱ መዳኑን አያሳይም። ብርጭቆ ላይ የተፈጠረ ስንጥቅ አይገጥምም፤ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ይረዝማል እንጂ። ሹል ሆኖ የታጠፈ ወይም የተጨፈለቀ ፓች ኮርድ መሥራት ቢጀምርም ይቀየር። ዋጋው ከቴክኒሻኑ ሁለተኛ ምልልስ ያነሰ ነው።

ልኬቱን ያለ ፓወር ሜትር ማየት የሚቻልባቸው ሳጥኖችም አሉ። ከሳጥኑ ጋር በተገናኘ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የድረ ገጽ መክፈቻው ላይ ከሳጥኑ ሥር የተለጠፈውን አድራሻ ጻፉ፤ በብዙዎቹ ከሁለቱ አንዱ ነው፦

```
192.168.100.1
192.168.1.1
```

እዚያው የተለጠፈውን መግቢያ ስም ከተጠቀማችሁ በኋላ ስለ ኦፕቲካል መረጃ የሚለውን ገጽ ፈልጉ። «RX Optical Power» ከሚለው ፊት ያለው ቁጥር ወደ እናንተ የሚደርሰው ብርሃን ነው። ገጹ ከተዘጋባችሁ ቴክኒሻኑ በመጣ ጊዜ ጠይቁት። ቁጥሩ ከ-25 በታች ከሆነ፣ ለምሳሌ -26 ካያችሁ፣ ኢንተርኔቱ ቢሠራም እንዲታይላችሁ አመልክቱ።

ቴክኒሻኑ ከመሄዱ በፊት -18.4 የሚለውን ቁጥርና ቀኑን በትንሽ ወረቀት ጻፍኩና ከሳጥኑ ሥር ለጠፍኩት። ቡፌው ወደ ሌላኛው ግድግዳ ዞሯል። ባለፈው ሳምንት እናቴ ጋ ሄጄ ገጹን ከፈትኩ፤ -18.6 ይላል።